ምች መስሎኝ ነበር

ልጄ ክርስትና የተነሳው እሑድ ቀን ነው፤ ልክ በአርባ ቀኑ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ጠበቀን። እኔ ከእርግዝና በፊት የተሰፋልኝን የሀበሻ ቀሚስ በግድ ለብሼ ነበር። ቀሚሱ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ ነው። ከስር ደግሞ ጡቴ እንዳይፈስብኝ ጠበቅ ያለ ጡት መያዣ አድርጌያለሁ። ልጁ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ ደክሞት ተኛ። ሲነቃም አንዷ አክስት እሹሩሩ ብላ መልሳ ታስተኛዋለች። ያጠባሁት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነበር። ቀጥሎ ያጠባሁት ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ መሃል ሦስት አራት ጊዜ ይጠባ ነበር።

ማታ ቀሚሱን ሳወልቅ የቀኝ ጡቴ ከብብቴ በኩል ጠጥሯል። ስነካው የሎሚ ፍሬ የሚያህል ነገር እጄ ላይ መጣ። ያማል፣ ግን ትኩሳት የለኝም። ልጄን አጠባሁትና ተኛሁ። እዚህ ላይ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የሳምንቱ መከራ የመጣው ከጓጓላው ብቻ አይደለም። አብዛኛውን እኛው ነን ያመጣነው።

ሰኞ ጠዋት ለእማዬ አሳየኋት። ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ምን እንደሚደረግ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ወተቱ ተቋጥሯል፣ መፍረስ አለበት አለች። ፎጣ በፈላ ውሃ እየነከረች ትጨምቅና ጡቴ ላይ ትጭናለች። ከዚያ ቅቤ ቀብታ በሁለት አውራ ጣቷ ጠጣሩን ቦታ ወደ ጡቴ ጫፍ ትገፋዋለች። እንባዬ እየወረደ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። እኔ ደግሞ በበኩሌ ዘመናዊ ነኝ ብዬ ልጁ ከጠባ በኋላ ሁሉ ጡት ማለቢያውን ሰክቼ የቀረውን አልባለሁ። ጡቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ። ማታ ላይ ሎሚው ብርቱካን አከለ።

ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነቃሁ። ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦልኝም ጥርሴ ይንገጫገጫል። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ተቆራረጠ። ሲነጋ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ ምች ነው። አራስ ሆና እሑድ ፀሐይ ላይ ቆመች፣ መታት። ዳማከሴ ከጓሮ ተቀጥፎ መጣ። ተጨምቆ ጠጣሁት፣ ታሸልኝ፣ አሸተትኩት። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በዳማከሴ ላይ ቂም የለኝም፤ ነገር ግን ያን ቀን ሙሉ ጡቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አላገናኘሁትም። ጡቴን በአንድ በኩል፣ ትኩሳቴን በሌላ በኩል እያየሁ ሁለት በሽታ ያለብኝ መሰለኝ።

ስለዚህ የምታጠቡ እናቶች፣ ድንገት ጉንፋን ወይም ምች የሚመስል ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ከያዛችሁ መጀመሪያ ሁለቱንም ጡቶቻችሁን በእጃችሁ ዳብሱ። ቅላት አትጠብቁ። መጽሐፉም ኢንተርኔቱም ቀይ ይሆናል ይላል፤ የኔ ቆዳ ጠይም ነው፣ ቀይ የሚባል ነገር አላየሁም። ያየሁት ከሌላው ቦታ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠጣርና እሳት የሆነ ቆዳ ነው። ከዓይን ይልቅ እጅ ነው የሚለየው።

ረቡዕ ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ሄደ። ጡቷ አብጧል፣ ትኩሳት አላት አላቸው። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ሸጡለት። ያው እኛ አገር ያለ ነገር ነው። መዋጥ ጀመርኩ። በዚያው ቀን አንዲት የማከብራት ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣችና፣ የታመመ ጡት ልጅ አይጠባም፣ መርዝ ነው፣ ሆዱን ያበላሽበታል አለችኝ። ልክ መሰለኝ። መግል ልጄ አፍ ውስጥ እያስገባሁ እንደሆነ አሰብኩና ቀኙን ከለከልኩት። በግራ ብቻ አጠባለሁ፣ ሌሊት በቆርቆሮ ወተት እደግፋለሁ። ማለቢያውንም ከሕመሙ የተነሳ ተውኩት።

እንግዲህ ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተቴ ነው። ሰኞ ከመጠን በላይ ሳልብ ጡቴ ያን ያህል ወተት የሚፈለግ መስሎት ምርቱን ጨምሯል። ረቡዕ ደግሞ በአንድ ጊዜ መውጫውን ዘጋሁበት። ሐሙስ ማታ ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ክንዴን ወደ ጎኔ ማስጠጋት አልቻልኩም።

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። ትኩሳቴ 39.3 ነበር። የልብ ምቴ በደቂቃ 118። ያየችኝ ሐኪም ታሪኩን ከእሑድ ጀምሮ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ሳታቋርጠኝ ሰማች። የእማዬን አውራ ጣት ስነግራት ብቻ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ጡቴ ላይ ጠጣሩና ትኩሱ የሚያልቅበትን ዳርቻ ተከትላ ዙሪያውን በመስመር ከበበችው። “ነገ ከዚህ መስመር ከወጣ ወይም ወደ ውስጥ ከገባ በዓይንሽ ታይዋለሽ” አለችኝ። ይህን መስመር አስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

የነገረችኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። እኛ ጡት ውስጥ ወተት እንደ ቡሽ ቧንቧውን ደፍኖት በኃይል ተገፍቶ የሚወጣ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። የወተት ቧንቧዎቹ በጣም ቀጫጭንና ብዙ ናቸው። ወተት ሲበዛና ሲቆይ ዙሪያቸው ያለው ሥጋ ያብጣል፣ ያበጠው ሥጋ ደግሞ ቧንቧዎቹን ከውጭ ይጫናቸዋል። የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ላይ ሰው ሲቆምበት አስቡት። ጎማው ውስጥ ምንም የለም፤ መፍትሔውም ሰውዬው እንዲወርድ ማድረግ ነው። እኛ ግን ሰኞ ዕለት ጎማው ላይ ሁለተኛ ሰው ጨመርን። በጣት መግፋቱ ሥጋውን ያቆስለዋል፣ እብጠቱን ይጨምራል። ሙቀቱ ለጊዜው ደስ ቢልም ደም ወደ ቦታው እየሳበ ያሳብጠዋል። ወደ ባዶነት ማለቡ ደግሞ ወተት ይጨምራል። አብሽና አጥሚቱን ጠዋት ማታ እንደምጠጣ ስነግራት፣ ለአሁኑ ወተት ያበዛል ብለሽ የምትወስጂውን ሁሉ ተይው አለችኝ።

“ታዲያ ልጄን መርዤዋለሁ?” አልኳት። ይህን ጥያቄ ለሦስት ቀን ይዤው ነበር።

“እናት፣ ወተቱ ልጅሽን አይጎዳውም። አሁኑኑ አጥቢው” አለችኝ።

ጡት ውስጥ ባክቴሪያ ቢኖርም ጤነኛ ልጅ ይጠባዋል። አብዛኛውን ጊዜ የጡት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ስታፍሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። እሱ ደግሞ ድሮም በቆዳችንና በልጆቻችን አፍንጫና አፍ የሚኖር ነው። ልጁን መከልከል እሱን አያድነውም፣ እናቱን ግን ይጎዳል፤ ድንገት ማቆም መግል እንዲቋጠር ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። እዚያው ወንበር ላይ ቀኙን ሰጠሁት። አንዴ ሳብ አደረገና ፊቱን አኮማትሮ ለቀቀ። ደነገጥኩ። ሐኪሟ ሳቀችና አንድ ጠብታ ቅመሺው አለችኝ። ቀመስኩት፣ እንባ እንባ ይላል። ጡት ሲቆጣ በወተቱ ውስጥ ጨው ይጨምራል፣ ልጆች አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ያኮርፋሉ። በጣም ሲርበው ወይም ሲያንቀላፋ ስሰጠው ግን ጠባ። በሁለተኛው ቀን ረስቶት ነበር። የዚያ ጡት ወተትም ለአንድ ሳምንት ያህል ቀንሶ ነበር፣ ከዚያ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማ ጠይቃኛለች፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቴን ጠየቀችኝ። ቫይረሱ በደሟ ላለ እናት ምክሩ የተለየ ነው። ጡት ሲቆጣ በወተት ውስጥ ያለው ቫይረስ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለች እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ልጁን በጤነኛው ጡት ብቻ እያጠባች፣ የታመመውን እያለበች እየደፋች በዚያው ቀን የሚከታተላት ባለሙያ ጋ መሄድ አለባት። ከላይ የጻፍኩትን “አጥቢው” ለራሷ እንዳትወስደው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። አንቲባዮቲክ ያስፈልገኝ ነበር? ያን ቀን አዎ። እሑድ ማታ ግን አያስፈልገኝም ነበር። ይህን መለየት ነው ብዙዎቻችንን የሚያቅተን። መጀመሪያ ላይ ያለው ጓጓላ፣ ሕመም፣ ትንሽ ትኩሳት ጭምር፣ ኢንፌክሽን ሳይሆን የተቆጣ ሥጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ በቅዝቃዜ፣ በእብጠት ማስታገሻና እንደወትሮው በማጥባት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለዝባል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልለዘበ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ ያኔ ባክቴሪያ ገብቷል ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ከመጀመሪያውም በጣም የታመመች፣ ትኩሳቷ ከፍ ብሎ ልቧ የሚመታባት፣ የሚያስመልሳት፣ የጡቷ ጫፍ ተሰንጥቆ መግል የሚያሳይ ሴት 24 ሰዓት አትጠብቅም። ልጁ በጣም ጨቅላ ከሆነ ወይም ሰውነቷ በሌላ በሽታ የደከመ ከሆነም እንዲሁ።

“አሞክሳሲሊን እኮ ሦስተኛ ቀኔ ነው” አልኳት። ለምን እንዳልሠራ ስትነግረኝ ነው የመድኃኒት ቤቱ ነገር ያናደደኝ። ጡት ውስጥ የሚገባው ስታፍሎኮከስ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር ነገር ራሱ ያመርታል። እኔ እየዋጥኩ፣ እሱ እየሰበረ። የሰጠችኝ ክሎክሳሲሊን ነው፣ 500 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ለ10 ቀን። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ወስደሽ ቆዳሽ ላይ ሽፍታ ወይም የመታፈን ነገር ታይቶብሽ ያውቃል ወይ ብላ ከጠየቀች በኋላ ነው የጻፈችው። እናንተም ሳትጠየቁ ንገሩ፤ አለርጂ ላለባት ሌላ መድኃኒት አለ። ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፣ ምግብ ከመብላት አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ። አራስ ቤት ውስጥ፣ ገንፎው በየሰዓቱ በሚመጣበት፣ ይህ ከመድኃኒቱ ምሬት የበለጠ ከባድ ነበር። ስልኬ ላይ በ12፣ በ6፣ በ12፣ በ6 ማንቂያ ሞላሁ፤ እማዬም ገንፎውን ከማንቂያው ጋር አስታረቀችው።

መግል መቋጠሩን ለማየት አልትራሳውንድ ተነሳሁ። አልቋጠረም። ተመስገን። ቢቋጥር ኖሮ አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዳዳ መውጣት አለበት። ያን ጊዜም ቢሆን ማጥባት እንደማይቆም ነገረችኝ። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ጠጣር የነበረው ቦታ መሃሉ ላይ ለስለስ ብሎ ስትነኩት ውስጡ ፈሳሽ እንደሚንቀሳቀስ ከተሰማችሁ፣ ወይም ትክክለኛ አንቲባዮቲክ ጀምራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልቀነሰ፣ ተመለሱ።

ቤት ገብተን የቀየርነው ይህን ነበር። ፎጣው ከፈላ ውሃ ወጥቶ በረዶ ያዘ። በረዶ በላስቲክ፣ ላስቲኩን በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ካጠባሁ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀምጣለሁ፣ በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አላደርግም። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ምግብ በልቼ ወሰድኩ። ለሚጠባ ልጅ ችግር የለውም፤ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት ግን አትውሰደው፣ ፓራሲታሞል ይሻላታል። ልጄ በፈለገ ጊዜ ከሁለቱም አጠባሁት። ማለቢያውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ ሳይጠባ ቀርቶ ጡቴ ሲወጠር ብቻ ፋታ እስኪሰጠኝ በእጄ ትንሽ አልባለሁ፣ ባዶ እስኪሆን አይደለም። የእማዬን እጅም አልከለከልኳትም። ሐኪሟ እኔ ክንድ ላይ አሳይታኝ ስለነበር እኔ ደግሞ እማዬ ክንድ ላይ አሳየኋት፦ ድመት እንደሚዳበስ፣ ቆዳው ብቻ እንዲሰማው ያህል፣ ከጡት ወደ ብብት። እማዬ “ይህማ ማሸት ነው እንዴ?” አለች። ግን አደረገችው።

ቅዳሜ ለውጥ የለም። እሑድ ንጋት ላይ በላብ ተጠምቄ ነቃሁ፤ ብርዱ ለቆኝ ነበር። መስመሩን አየሁት። ጠጣሩ ከመስመሩ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገብቷል። በአራተኛው ቀን ምንም እንዳልታመምኩ ሆንኩ። መድኃኒቱን ልተወው ዳድቶኝ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትተው የተመለሰባቸውን ሰዎች ስላየሁ አሥሩንም ቀን ጨረስኩ። የልጄ ሰገራ ሦስት አራት ቀን ቀጠን አለ፤ በአንቲባዮቲኩ ነው፣ ያልፋል ተባልኩ፣ አለፈ። ሙሉ በሙሉ ጓጓላው የጠፋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከሐኪሟ የመጨረሻ ቃል አንዱ ይህ ነበር፦ ጡት ውስጥ የቀረ ጓጓላ ከጥቂት ሳምንት በኋላም እዚያው ካለ፣ ወይም ተመላልሶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከመጣ፣ ከወተት ነው ብለሽ አትዝለይው፣ ለሐኪም አሳይው።

ልጄ አራት ወር ሲሞላው ሥራ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ስብሰባ ረዘመና ማለቢያ ሰዓቴ አለፈ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ያው ቀኝ ጡቴ፣ ያው ቦታ፣ ያች ሎሚ። ልቤ ወደ ታች ወረደ። እማዬን አልጠራሁም። ጡት መያዣዬን አውልቄ የባለቤቴን ሰፊ ካናቴራ ለበስኩ። ልጄን እንደወትሮው አጠባሁት። ራት በልቼ አይቡፕሮፌን ዋጥኩ፣ በረዶዬን ያዝኩ። ከዚያ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ጠጣሩን ዙሪያውን ከበብኩት፤ ከጎኑ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ 2፡20። ነገ ማታ በዚህ ሰዓት ካልቀነሰ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ሌሊት ብርድ ብርድ ካለኝ ሳይነጋ እሄዳለሁ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት።

ሌሊቱን ሁለቴ አጠባሁ። ጠዋት ለሥራ ስለባብስ አየሁት። ጠጣሩ የመስመሩን ግማሽ ለቅቋል፣ ሲነካም ያን ያህል አያምም። ከሰዓት በኋላ ፈልጌ አጣሁት። ቀለሙ ግን ሁለት ቀን አልለቀቀም፤ ልጄ እየጠባ በጥፍሩ ሊያነሳው ይቧጥጠው ነበር።